«ሞርኸን» ካልን በኋላ ግሱ የት ይቀመጣል?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። የምኖረው ሮተርዳም ነው፤ ኢንቡርኸሪንግ ለሚባለው የአዲስ መጤዎች ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ‹ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ› ለማለት በደች ‹ሞርኸን ኢክ ኻ ናር ደ ሃውስአርትስ› ብዬ በጻፍኩ ቁጥር አስተማሪዬ በቀይ ታሰምርበታለች። ‹ኢክ ኻ› ትክክል ከሆነ ‹ሞርኸን› ስጨምርበት ለምን ይገለበጣል? ‹ኻ ኢክ› ስልስ ጥያቄ የጠየቅኩ አይመስልም? እባክዎ ያስረዱኝ።»

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። ትክክለኛው «ሞርኸን ኻ ኢክ ናር ደ ሃውስአርትስ» ነው፤ «ሞርኸን» ነገ፣ «ኢክ» እኔ፣ «ኻ» እሄዳለሁ ማለት ነው። ምሳሌዎቹን በፊደላችን የምጽፍልሽ ጮክ ብለሽ እንድታነቢያቸው ነው። ይህን ነገር ከዓይን ይልቅ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። «ኸ» ብዬ የምጽፈው ከጉሮሮ የሚወጣውን የደች ድምፅ ነው።

አስተማሪሽ «ኢንቨርሲ» የሚለውን ቃል ሳትጠቅስልሽ አትቀርም። ባለቤቱና ግሱ ቦታ ተቀያየሩ ማለት ነው። ስያሜው ልክ ነው፤ ግን ግሱ ከቦታው የተነሳ ያስመስላል። እስቲ ሁለቱን አስተያይ። «ኢክ ኻ ሞርኸን ናር ደ ሃውስአርትስ» ስትዪ «ኻ» ሁለተኛ ነው። «ሞርኸን ኻ ኢክ ናር ደ ሃውስአርትስ» ስትዪም «ኻ» ሁለተኛ ነው። ግሱ ንቅንቅ አላለም። ቦታ የለቀቀው «ኢክ» ነው። ፊት ያለውን ቦታ «ሞርኸን» ስለያዘበት ከግሱ ኋላ ሄደ።

ስለዚህ «ጊዜ ከቀደመ ይገለበጣል» ብለሽ አትያዢው። እንዲህ ያዢው፦ በደች ዋና ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከባለቤቱ ጋር የሚረባው ግስ፣ ክፍል ውስጥ «ፐርሶንስፎርም» የሚባለው፣ ሁልጊዜ ሁለተኛ ቦታ ላይ ነው። ከእሱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይገባል። ባለቤቱ ሊሆን ይችላል፣ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ቦታ ወይም ምክንያትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው ግን አይገቡም። አንቺ «ሞርኸን»ንም «ኢክ»ንም ከፊት ስትደረድሪ ግሱን ሦስተኛ አደረግሽው። ቀዩ መስመር የመጣው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ስህተት ከአማርኛ የመጣ አድርጎ ያስባል። እኔ አይመስለኝም። በአማርኛ «ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» እንላለን። «እኔ»ን አንጠራውም፤ «እሄዳለሁ» ውስጥ አለ። ግሱም መጨረሻ ላይ ነው። ከአማርኛ በቀጥታ የሚገለብጥ ሰው ቢኖር «ሞርኸን ናር ደ ሃውስአርትስ ኻ» ነበር የሚለው። ያንቺ አደራደር የእንግሊዝኛ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ ጊዜውን ከፊት ያስገባና ባለቤቱንና ግሱን ሳይነካ ይተዋቸዋል። ደችና እንግሊዝኛ ደግሞ ቃላቸው ስለሚመሳሰል፣ ቃሉን ስንዋስ ሰዋስዉም ሳናውቀው አብሮ ይመጣል። ጀርመን ወይም ስዊድን የሚኖር ዘመድ ካለሽ ጠይቂው፤ እዚያም ግሱ ሁለተኛ ነው። ከዘመዶቹ ተለይቶ የወጣው እንግሊዝኛው ነው።

እንዲያውም አማርኛሽ ይጠቅምሻል። ያን ኮስተር የተባለ ኔዘርላንዳዊ የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 የደች ግስ መነሻ ቦታው መጨረሻ ነው ብሎ ተከራክሯል። በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ የሚረባው ግስ ከመጨረሻ ተነስቶ ወደ ሁለተኛው ቦታ ይመጣል፤ ሌላው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጥገኛውን ሐረግ ስታዪ ነገሩ ይገለጥልሻል። «ኦምዳት ኢክ ሞርኸን ናር ደ ሃውስአርትስ ኻ»፤ ነገ ሐኪም ቤት ስለምሄድ። በሁለቱም ቋንቋ መጨረሻ ላይ ያለው ግሱ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ እዚህ ላይ ሲቸገር፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን ቤቱ ነው።

ይህን ከያዝሽ ሁለት ክፍል ያላቸው ግሶች አያስቸግሩሽም። «ትናንት ኡትሬኽት ሠራሁ» ለማለት «ኺስተረን ሄፕ ኢክ ኢን ኡትሬኽት ኸዌርክት» ትያለሽ። የሚረባው «ሄፕ» ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ቦታ ላይ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። «ኸዌርክት» መጨረሻ ላይ ይቀራል። ነገ ቀደም ብዬ መጀመር እፈልጋለሁ ለማለት «ሞርኸን ዊል ኢክ ፍሩኽ በኺነን» ስትዪም «ዊል» ወደ ፊት መጥቷል፣ «በኺነን» መጨረሻ ቀርቷል። ተነጣጥለው የሚነገሩት ግሶችም እንዲሁ ናቸው። «ኦፕስታን» መነሳት ነው። «ኦም ዜቨን ኡር ስታ ኢክ ኦፕ» ስትዪ «ስታ» ከፊት፣ «ኦፕ» ከኋላ ይሆናሉ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ሁለቱን የግስ ክፍሎች አጣብቀው «ኺስተረን ሄፕ ኢክ ኸዌርክት ኢን ኡትሬኽት» ሲሉ ነው። ቦታ የሚነግሩ እንዲህ ያሉ ቃላት አንዳንዴ ከኋላ ሲመጡ ትሰሚያለሽ። እየተማርሽ ሳለ ግን የኋላውን ግስ መጨረሻ ላይ መተው ይሻልሻል።

አሁን «አንድ ነገር» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርሽ። አንድ ቃል ማለቴ አይደለም። «ፎልኸንደ ዌክ ዲንስዳኽ ኦም ሃልፍ ቲን» ስድስት ቃል ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል እንደ ማለት ነው። ሁሉም ስለ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚናገሩ ተደምረው አንድ ቦታ ይይዛሉ። ስለዚህ «ፎልኸንደ ዌክ ዲንስዳኽ ኦም ሃልፍ ቲን ኻ ኢክ ናር ደ ሃውስአርትስ» ይባላል። መንገዴን ላቋርጥና፣ «ሃልፍ ቲን» አሥር ሰዓት ተኩል እንዳልሆነ አትርሺ። ወደ አሥር ግማሽ ሰዓት የቀረው ማለት ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር 9:30፣ በኛ ሦስት ሰዓት ተኩል። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ያለፈባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

አንድ ነገር መሆኑን ለማረጋገጥ «ዳን»፣ ያኔ ወይም ከዚያ የሚለውን ቃል ተጠቀሚ። ከግሱ በፊት ያለውን ሁሉ አንስተሽ በቦታው «ዳን» አስገቢ። «ዳን ኻ ኢክ ናር ደ ሃውስአርትስ።» ስሜት ሰጠ፣ ስለዚህ ትክክል ነው። ስላለፈ ነገር ከሆነ በ«ዳን» ፈንታ «ቱን» በዪ። ያንቺን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በዚህ ብትፈትኚው ግን «ሞርኸን ኢክ» የሚለውን ጥምር በ«ዳን» መተካት አይቻልም፤ «ኢክ» ይጠፋል። ጊዜና ቦታን አብረሽ ከፊት ለማስገባት ስትሞክሪም ያው ነው። «ሞርኸን ኢን ኡትሬኽት ዌርክ ኢክ» ከማለት አንዱን ምረጪና «ሞርኸን ዌርክ ኢክ ኢን ኡትሬኽት» በዪ።

ይህ ሕግ በጣም የሚጠቅመውም፣ በጣም የሚሳተውም ጊዜውን የሚናገረው ራሱ ግስ ያለው ሐረግ ሲሆን ነው። «ቤት ስደርስ እደውልልሃለሁ» ማለት ፈለግሽ እንበል። በደች «አልስ ኢክ ታውስኮም፣ ቤል ኢክ የ» ይባላል። «አልስ ኢክ ታውስኮም» በሙሉ አንድ ነገር ነው፤ ልክ «ሞርኸን» የያዘውን ቦታ ይይዛል። በአማርኛም «ቤት ስደርስ» የሚለው «ነገ» በሚገባበት ቦታ ይገባል። የፊተኛው ቦታ ስለሞላ ቀጥሎ የሚመጣው ግሱ ነው፤ «ቤል»። ከዚያ «ኢክ»።

እዚህ ጋ የሚሆነውን በጆሮሽ ስሚው። ጥገኛው ሐረግ በግስ ያልቃል፣ ዋናው በግስ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱ ግሶች መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ «ታውስኮም፣ ቤል»። መሃላቸው ነጠላ ሰረዝ ይገባል። ያለፈ ጊዜም ላይ ያው ነው። «ቱን ኢክ ናር ኔደርላንት ክዋም፣ ስፕራክ ኢክ ኼን ኔደርላንትስ»፤ ኔዘርላንድስ ስመጣ ደች አልናገርም ነበር። «ክዋም፣ ስፕራክ»። የጻፍሽውን ስታነቢ ከነጠላ ሰረዙ ግራና ቀኝ ያሉትን ቃላት እያቸው። ግራው ግስ፣ ቀኙም ግስ ከሆነ ደህና ነው። ከሰረዙ በስተቀኝ «ኢክ» ወይም እኛ ማለት የሆነውን «ወ» ካገኘሽ፣ እንደ «አልስ ኢክ ታውስኮም፣ ኢክ ቤል የ»፣ የእንግሊዝኛው አደራደር ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኢንቡርኸሪንግ ሕግ የብዙ ሰውን ግብ ወደ ቢ1 ደረጃ ከፍ አድርጎታል። በዚያ ደረጃ ደግሞ እንዲህ ያሉ ጥንድ ዓረፍተ ነገሮችን ሳይጽፉ ማለፍ ይከብዳል።

ሰረዙ የሚገባው ግን በሁለቱ ግሶች መካከል ነው። «ሞርኸን» ብቻውን ሲቀድም ሰረዝ አይከተለውም። «ሞርኸን፣» ብለሽ ካቆምሽ እጅሽ ራሱ «ኢክ ኻ» ይጽፋል። ሳታቆሚ አያይዘሽ ተናገሪው፤ «ሞርኸን-ኻ-ኢክ»። ሐረጉን ወደ ኋላ ካደረግሽው ደግሞ የፊቱ ቦታ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ «ኢክ ቤል የ አልስ ኢክ ታውስኮም»። አንዳንዴም «አልስ ኢክ ታውስኮም፣ ዳን ቤል ኢክ የ» ሲባል ትሰሚያለሽ። ይህም ትክክል ነው። «ዳን» አዲስ ነገር አይደለም፤ የፊቱን ሐረግ መልሶ ይጠራዋል እንጂ። ግሱ ከ«ዳን» ቀጥሎ መምጣቱን አልተወም።

አንተ ወይም አንቺ ማለት የሆነው «የ» ወይም «ዬይ» ባለቤት ሲሆን አንድ ተጨማሪ ነገር ይከሰታል። «የ ዌርክት ሞርኸን» ትያለሽ፤ በግሱ መጨረሻ «ት» አለች። «የ» ከግሱ ኋላ ሲሄድ ያቺ «ት» ትወድቃለች፤ «ሞርኸን ዌርክ የ»። «የ ኻት» የነበረው «ሞርኸን ኻ የ» ይሆናል። «የ ሄፕት» የነበረው «ፋንዳኽ ሄፕ የ ሌስ» ይሆናል። ይህ ለ«የ» ብቻ ነው። እሱ ማለት ለሆነው «ሄይ» እና ለአክብሮቱ «ኡ»፣ ለእርስዎ፣ አትወድቅም፤ «ሞርኸን ዌርክት ሄይ»፣ «ሞርኸን ዌርክት ኡ»። «ት»ዋ የግሱ ሥር ከሆነችም ትቆያለች፤ መብላት «ኤተን» ስለሆነ «ፋናቮንት ኤት የ ቤይ ኦንስ» ይባላል።

ወጥመዱ ግን ሌላ ነው። «የ» አንዳንዴ ባለቤት ሳይሆን «ያንተ፣ ያንቺ» ማለት ነው። «ሞርኸን ዌርክት የ ሙደር»፤ ነገ እናትሽ ትሠራለች። እዚህ የሚሠራው «የ» አይደለም፣ «የ ሙደር» ናት። ስለዚህ «ት» አትወድቅም። ለመለየት «የ»ን በሙሉ ቃሉ ተኪው። «ዬይ» ከገባበት «ት»ዋን ጣይ። «ያው» ከገባበት፣ እንደ «ያው ሙደር»፣ «ት»ዋን ተያት። ደች ተወላጆችም ሲጽፉ ይህችን «ት» ይስቷታል።

ከማይቆጠሩት ቃላት መካከል እና፣ ግን፣ ምክንያቱም ማለት የሆኑት «ኤን»፣ «ማር»፣ «ዋንት» አሉ። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያገናኛሉ እንጂ የመጀመሪያውን ቦታ አይይዙም። «ማር ሞርኸን ዌርክ ኢክ ኒት» ውስጥ አንደኛ ቦታ ላይ ያለው «ሞርኸን» ነው። «ማር ኢክ ዌርክ ሞርኸን ኒት» ስትዪም አንደኛው «ኢክ» ነው። «ዳን»፣ ከዚያ በኋላ የሚለው «ዳርና» እና ስለዚህ የሚለው «ዳሮም» ግን ይቆጠራሉ። የቀን ውሎሽን ስትጽፊ «ኤን ዳን ኢክ ኻ» ብለሽ የምትደጋግሚው ከሆነ፣ «ኤን ዳን ኻ ኢክ» አድርጊው።

ወደ ጥያቄሽ ሁለተኛ ክፍል ልምጣ። «ኻ ኢክ» ጥያቄ የሚሆነው ከ«ኻ» በፊት ምንም ሳይኖር ሲቀር ነው። «ኻ የ ሞርኸን ናር ስኾል?» ብትዪ የፊቱ ቦታ ባዶ ነው፤ ሰሚው የሚጠብቀው አዎ ወይም አይደለም ማለትን ነው። «ዋኔር ኻ የ ናር ስኾል?» ስትዪ ደግሞ የፊቱን ቦታ «መቼ» የሚለው ጠያቂ ቃል ይዞታል። «ሞርኸን ኻ ኢክ» ላይ ፊቱን የያዘው ጠያቂ ያልሆነ ቃል ስለሆነ ማንም ደች ጥያቄ ነው ብሎ አይሰማውም። ሦስቱም በአንድ ሕግ ይመራሉ፤ የሚለያያቸው ከግሱ በፊት ያለው ነው።

ጊዜን ከፊት ማስቀደም ግዴታ አይደለም። «ኢክ ኻ ሞርኸን ናር ደ ሃውስአርትስ» ፍጹም ትክክል ነው። ፈተና ላይ ከተጨነቅሽ በዚህ ጀምሪ፤ ከግሱ ቀጥሎ ጊዜ፣ ከዚያ ቦታ። ጊዜውን የምናስቀድመው ነገሩ ስለዚያ ጊዜ ሲሆን ወይም አንዱን ቀን ከሌላው ስናነጻጽር ነው። ዛሬ አልችልም፣ ነገ ግን እመጣለሁ ለማለት «ፋንዳኽ ካን ኢክ ኒት፣ ማር ሞርኸን ኮም ኢክ» ትያለሽ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በ«ኢክ» የጀመረ ደብዳቤ ግን ደረቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ልመጂ።

ሕጉን የማይከተል አንድ ዓይነት ሐረግም አለ። «ሁ ላት ሄት ኦክ ኢስ፣ የ ማኽ መ አልቴይት ቤለን»፤ የፈለገው ሰዓት ቢሆን ልትደውልልኝ ትችላለህ። እዚህ ከሰረዙ በኋላ ባለቤቱ «የ» ቀድሟል፤ ትክክልም ነው። ምክንያቱም የፊቱ ሐረግ መቼ እንደሆነ አይናገርም፤ ሰዓቱ ለውጥ እንደማያመጣ ይናገራል እንጂ። ስለዚህ ከዋናው ዓረፍተ ነገር ውጭ ይቆማል። በ«ዳን» ብትተኪው ትርጉሙ ይበላሻል፤ ምልክቱ እሱ ነው። ቤልጂየም ውስጥ ምዕራብ ፍላንደርስ የምትሄጂ ከሆነም፣ የአካባቢው ዘዬ ተናጋሪዎች ጊዜውን አስቀድመው ባለቤቱን ከግሱ በፊት ሲያስገቡ ልትሰሚ ትችያለሽ። ያ የዘዬው ነው፤ ፈተና ላይ እንዳትጽፊው።

አሁን አንድ መልእክት አብረን እናርም። አንዲት እናት ለደች አስተማሪዋ እንዲህ ጻፈች እንበል፦

«ኺስተረን ሜይን ዞን ዋስ ዚክ። ሞርኸን ኦም ሃልፍ ቲን ኢክ ኻ ሜት ሄም ናር ደ ሃውስአርትስ። ዳርና ኢክ ብሬንግ ሄም ናር ስኾል። አልስ ወ ክላር ዜይን፣ ኢክ ኮም ናር ደ ሌስ።»

ትናንት ልጄ አሞት ነበር፤ ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት አደርሰዋለሁ፤ ስንጨርስ ወደ ክፍል እመጣለሁ ማለቷ ነው። በእያንዳንዱ ላይ መጀመሪያ የሚረባውን ግስ ፈልጊ፣ ከዚያ ከፊቱ ስንት ነገር እንዳለ ቁጠሪ።

በመጀመሪያው ግሱ «ዋስ» ነው። ከፊቱ «ኺስተረን» እና «ሜይን ዞን» አሉ፤ ሁለት ናቸው። «ሜይን ዞን» ወደ ኋላ ይሂድ፦ «ኺስተረን ዋስ ሜይን ዞን ዚክ።» ባለቤቱ ሁለት ቃል ስለሆነ አይነጣጠልም፤ አብሮ ይሄዳል።

በሁለተኛው ግሱ «ኻ» ነው። «ሞርኸን ኦም ሃልፍ ቲን» ቢረዝምም አንድ ነው፤ ትርፉ «ኢክ» ነው። «ሞርኸን ኦም ሃልፍ ቲን ኻ ኢክ ሜት ሄም ናር ደ ሃውስአርትስ።»

ሦስተኛው አጭር ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚሳተው እሱ ነው፤ «ዳርና» ትንሽ ስለሆነች የማትቆጠር ትመስላለች። ትቆጠራለች። «ዳርና ብሬንግ ኢክ ሄም ናር ስኾል።»

በአራተኛው ሁለት ግስ አለ፤ «ዜይን» እና «ኮም»። «ዜይን» የጥገኛው ሐረግ ስለሆነ መጨረሻው ላይ በትክክል ተቀምጧል፤ አትንኪው። ሐረጉ በሙሉ የፊቱን ቦታ ስለያዘ ከሰረዙ ቀጥሎ «ኮም» ይምጣ፦ «አልስ ወ ክላር ዜይን፣ ኮም ኢክ ናር ደ ሌስ።»